ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የሚደወል ስልክ

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ክትትል ያለው ሰው በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ ሳይመጣ ሲቀር ምርመራው ብቻ አይደለም የሚቋረጠው። ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው መድኃኒቱ በሚያልቅበት ቀን ስለሆነ፣ በዘገየ ቁጥር ያለ መድኃኒት የሚውልበት ቀን ይበዛል። ከክትትል ክፍል የሚደወለው ስልክም ከሁሉ በፊት ሰውየው ቶሎ እንዲመለስ ለማድረግ ነው። ለምን እንደቀረ ማወቅ ይጠቅማል፤ ግን ተራው በኋላ ነው። ብዙ ስልኮች የሚበላሹት ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥና ደዋዩ በጥያቄ ሲጀምር ነው።

ስልኩ ከመነሳቱ በፊት መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። በቀጠሮ መዝገብ ላይ ስሙ ትይዩ ምልክት ያልተደረገበት ሁሉ ቀርቷል ማለት አይደለም። በሌላ ክፍል ታይቶ ወደ ቤቱ የሄደ፣ መድኃኒቱን በቤተሰብ በኩል ያስወሰደ፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ የተዛወረ ሊኖር ይችላል። ካርዱንና የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ፣ መጥቶ ታክሞ ለሄደ ሰው «አልመጡም» ተብሎ ሲደወልለት ሁለተኛ ስልክ አያነሳም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ታካሚው ካረፈ በኋላ ለቤተሰቡ መደወል ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ «እንዴት ናችሁ?» መሆን ያለበት ለዚህም ጭምር ነው፤ ደዋዩ ያልሰማው ነገር ካለ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

የቀሩት ብዙ ከሆኑ ማን አስቀድሞ ይደወልለት የሚለውን የሚወስነው መድኃኒቱ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋና እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚያው ዕለት ይደወልለታል፤ የመጀመሪያው ስኳሩ በፍጥነት ሊወጣ፣ ሁለተኛው በድንገት በማቋረጡ ብቻ ሊጥለው ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ በመሆኑ የአንድ ቀን መዘግየት ያን ያህል አያስደነግጥም። ይህ ማለት ግን ስልኩ እስከ ሳምንት ይቆይ ማለት አይደለም፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ሰው ለመመለስ ያፍራል።

አሁን አንድ ጥሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንይ። የ58 ዓመት እናት ጥቅምት 12 ቀን ማክሰኞ 30 ፍሬ አምሎዲፒን ወስደው ለኅዳር 12 ሐሙስ ተቀጠሩ። ሐሙስ አልመጡም። ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነርሷ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ ከጤና ጣቢያ ነኝ። እንዴት ነዎት? አሁን ለማውራት ይመችዎታል?» ካለች በኋላ እንዲህ ቀጠለች፦ «የትናንቱ ቀጠሮ ስላለፈ ሌላ ቀን ልይዝልዎ ብዬ ነው። መድኃኒት አለዎት ወይስ አልቋል?»

«አልቋል ልጄ። ትናንት እኮ ሚካኤል ነበር።»

«እውነትዎን ነው፤ እኛም በዓሉን ሳናይ ነው የቀጠርንዎት። ዛሬ ከ8 ሰዓት በኋላ ይሻልዎታል ወይስ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት? ዛሬ ከመጡ ካርድዎን አውጥቼ እጠብቅዎታለሁ።»

«ዛሬ ልምጣ። እግሬም እያበጠ አስቸግሮኛል።»

«ደግ አደረጉ የነገሩኝ። እሱንም ዛሬ ሐኪሙ ያይልዎታል።»

በዚህ ጥሪ ውስጥ «ለምን ቀሩ?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ምክንያቱ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ወጥቷል። በዓሉ የቀረቡበት ምክንያት ነው፤ የእግር እብጠቱ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሊያስቀራቸው የነበረ ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት አካባቢ ማሳበጡ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ሐኪሙ መጠኑን በመቀነስ ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ያስተካክለዋል። ታካሚው ካልተናገረ ግን ዝም ብሎ ኪኒኑን ይተወዋል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ለምን ቀሩ የተባለ ሰው የሚቀናው መልስ «አሞኝ ነበር» ወይም «ሰው ሞቶብን» ነው። አንዴ እንዲህ ካለ በኋላ የታክሲ ገንዘብ አጥቶ፣ መድኃኒቱ አልስማማው ብሎ ወይም ጸበል ጀምሮ እንደነበር ለመናገር የፊተኛውን ቃሉን ማጠፍ ይኖርበታል፤ ይህን ደግሞ በስልክ ማንም አያደርገውም። ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ «ቀኑ ወይም መድኃኒቱ ያስቸገረዎ ነገር አለ?» ቢባል ግን መልሱ ወቀሳ የሚመልስ ሳይሆን ችግር የሚናገር ይሆናል።

ነርሷ ሁለት ቀን አቅርባ ማስመረጧም ለይስሙላ አይደለም። «መቼ ይመችዎታል?» ለሚለው ጨዋ ሰው የሚመልሰው «እሺ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ» ነው። ይህ ስልኩን በመልካም መንፈስ ለመዝጋት የሚባል ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ሁለት ቀንና ሁለት ሰዓት ሲቀርብ መምረጥ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ካልተመቹ ደግሞ ሰውየው ራሱ ሦስተኛውን ያመጣል። ከአራትና አምስት በላይ አማራጭ መደርደር ግን በስልክ አይያዝም።

ከቃላቱ ይልቅ ድምፅ የሚያበላሸውም አለ። «ምነው ጠፉ?» ጎረቤት ሲለው ናፍቆት ነው፤ መዝገብ የያዘ ሰው ሲለው ግን ቁጣ ይመስላል። «ሐኪሙ ሲጠብቅዎት ዋለ» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ላይ በተጨናነቀ ጤና ጣቢያ ውስጥ እምብዛም እውነት አይደለም።

በምሳሌው ላይ ያለችው ቁጥር 12 አንድ ተጨማሪ ነገር ታሳያለች። ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወራት ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ፣ የ30 ቀን ቀጠሮ ከወር ወር እዚያው ቁጥር ላይ ይወድቃል። በ12 የጀመረ ታካሚ ጳጉሜን እስኪመጣ ድረስ በየወሩ የሚቀጠረው በሚካኤል ዕለት ነው። የጽዋ ማኅበር ላለባቸው ወይም ቤተ ክርስቲያን ለሚስሙ ሰዎች ይህ በየወሩ የሚደገም ግጭት ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን «በተደጋጋሚ የሚቀር» ተብሎ ይነበባል። መፍትሔው መምከር ሳይሆን ቀጠሮውን ወደ 10 ማምጣት ነው፤ ወደፊት ከመግፋት ወደኋላ መሳብ ይሻላል፣ ምክንያቱም ኪኒኑ ሳያልቅ ይደረስበታል። ለሙስሊሙ የዓርብ ከሰዓት፣ ለነጋዴው የገበያ ቀን እንዲሁ መጠየቅ አለበት። በቀጠሮ ካርዱ ላይ ደግሞ «12/3» ብሎ መጻፍ ማስፈራት አለበት። አንዱ ኅዳር 12 ብሎ ሲያነብ፣ በስልኩ የፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ልጁ ሌላ ቀን ያነብበታል። «ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ የሚሳሳት የለም።

የተመዘገበው ቁጥር የታካሚው ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የልጅ ወይም የጎረቤት ነው። ስለዚህ ገና ካርድ ሲወጣ «ይህን ስልክ ማን ያነሳዋል? ከጤና ጣቢያ ነው ብንል ችግር አለው?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፋል። ሌላ ሰው ካነሳ ደዋዩ ስሙን ብቻ ተናግሮ «ሲመለሱ ይደውሉልኝ» ይላል። ስለ በሽታው፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ቀጠሮው አንድም ቃል አይወጣም። ለኤች አይ ቪ ክትትል ያለው ሰው ዘንድ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ግድየለሽ ስልክ ከትዳር ወይም ከተከራዩበት ቤት ሊያስወጣ ይችላል።

ስልኩ ካልተነሳ አጭር መልእክት ይላካል፤ እዚህ ላይ የፊደል ቁጥር ያስቸግራል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ሰላምታና ምርጫ በዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። ለምሳሌ፦ «ሰላም ነዎት? ከጤና ጣቢያ ነው። ሰኞ ጠዋት የሚመችዎ ከሆነ 1፣ ማክሰኞ ከሰዓት ከሆነ 2 ይላኩ።» ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 61 ነው። ያለፈውን ቀጠሮ እንኳ አያነሳም፤ ማንሳትም አያስፈልገውም። ለተላከው 1 ወይም 2 ግን በዚያው ዕለት «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ካልተሰጠ ታካሚው መልእክቱ መድረሱን አያውቅም። «ከጤና ጣቢያ ነው» የሚለው እንዳይገለጥ የፈለገ ሰው ካለ ደግሞ በእሱ ፈንታ አስቀድሞ የተስማሙበት ስም ይገባል።

በተለያየ ሰዓት ሁለት ጊዜ ተደውሎ መልእክትም ተልኮ መልስ ከጠፋ፣ የቀረው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ቤት የምትሄደው ታካሚው አስቀድሞ የፈቀደ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ስትሄድም ሌላ ሥራዋን ይዛ እንጂ ለዚያ ቤት ብቻ ተልካ መምሰል የለባትም። በኤች አይ ቪ ሕክምና መድኃኒት መውሰድ ከነበረበት ቀን 28 ቀን ያለፈው ሰው ሕክምና እንዳቋረጠ ስለሚቆጠር፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ቢመጣም በሩ ክፍት ነው፤ የሚደረግለት ምርመራ ግን ይበዛል።

በስልክ የተባለው መልካም ቃል ሁሉ ሊፈርስ የሚችለው ሰውየው በመጣበት ጠዋት ነው። ነርሷ ካርድዎን አወጣለሁ ብላ ካርዱ ካልወጣ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ቀጠሮዎ ባለፈው ነበር፤ አሁን መጨረሻ ላይ ይሰለፉ» ይላል። አላጠፋም፤ የያዘው ዝርዝር የሚለው ያንን ነው። ስለዚህ አዲሱ ቀጠሮ ከነርሷ ደብተር አልፎ በዚያው ዕለት ካርድ ክፍልና መድኃኒት ቤት መድረስ አለበት። ካርዱም ቀድሞ ወጥቶ በዕለቱ ቀጠሮዎች መካከል ይቀመጣል እንጂ «የቀሩ» ተብሎ ለብቻው አይደረደርም። ሐኪሙ ጋ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እግራቸው እብጠት ከሆነ በስልክ የተናገሩት መጻፉን ያውቃሉ። ግፊታቸው ተለክቶ ሲጨርሱ የሚቀጥለው ቀን የሚያዘው አብረዋቸው ቀን መቁጠሪያው ታይቶ ነው፤ ካርዱ ላይ ቀኑን ራሳቸው ወይም አብሯቸው የመጣው ልጅ ቢጽፈው ደግሞ የበለጠ ይታወሳል።