ስድስት ሰዓት ቀረጻ እንዴት የ12 ደቂቃ ፊልም ይሆናል?

የመመረቂያ ዘጋቢ ፊልማቸውን ቀርጸው የጨረሱ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቸኩለው የሚከፍቱት የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ነው። ያማረ የመሰላቸውን ምስል ታይምላይኑ ላይ ይደረድራሉ፣ ሙዚቃ ይጨምራሉ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ታሪኩ ይቆምባቸዋል። የቀረጹትን ገና በቅጡ ስላላወቁት ቀጥሎ ምን መምጣት እንዳለበት ሊያውቁ አይችሉም። የዘጋቢ ፊልም ኤዲቲንግ ትልቁ ክፍል የሚሠራው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት፣ በወረቀት ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የተማሪዎች ቡድን በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ስለሚሠሩ ሸማኔዎች የ12 ደቂቃ ፊልም ይሠራል እንበል። በእጁ ያለው ቀረጻ 6 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩሉ የሦስት ሰዎች ቃለ ምልልስ፣ ቀሪው የሥራው፣ የሰፈሩና የገበያው ምስል ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቀረጻውን ማዳን ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ስለሚሞላ፣ የዚህ ቡድን ቀረጻ 270 ጊጋባይት ይደርሳል። የሜሞሪ ካርዱ ይዘት ሳይመረጥና ስሙ ሳይቀየር፣ ከነአቃፊው በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ይገለበጣል። ከሁለቱም ላይ ክሊፖች ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ካርዱ አይደመሰስም፤ ዲስኮቹም በአንድ ቦርሳ አይቀመጡም። በስልክ የተቀረጸ ካለ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ስልኮች በሴኮንድ የሚቀርጹት የፍሬም ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፁ በሌላ መሣሪያ ተቀርጾ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ከከንፈር ጋር ይገጥማል፤ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ግን ተለያይቶ ይገኛል። ስለዚህ የስልኩ ፋይል ኤዲቲንግ ሳይጀመር እንደ ሃንድብሬክ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ይቀየራል።

ቀጥሎ ሎግ ይመጣል። ሎግ የእያንዳንዱ ክሊፕ መዝገብ ነው። በተራ ሠንጠረዥ የክሊፑ ስም፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ሰዓት፣ የሚታየው ወይም የሚባለው ነገር፣ በመጨረሻም ጉድለቱ ይጻፋል። «ሸማኔ ሲሠራ» የሚል መዝገብ አይረዳም፤ እንዲህ ያለ ክሊፕ አርባ ይኖራልና። «እጅ ብቻ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፣ 12 ሴኮንድ፣ ካሜራው አይንቀሳቀስም» ቢል ግን ኤዲተሩ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሲፈልገው ያገኘዋል። ቃለ ምልልሱ ደግሞ ከነሰዓቱ ቃል በቃል ይገለበጣል። አንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ አባላቱ ተከፋፍለው ቀናት ሊመድቡለት ይገባል።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ በመሆናቸው አንዱ ተናጋሪ በጋምኛ ሊናገር ይችላል። ያኔ ትርጉሙ በጥቅሉ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ከነሰዓቱ መጻፍ አለበት። በአማርኛም ቢሆን ግስና አሉታው የሚመጡት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ጅራቱ የተቆረጠ ንግግር ተቃራኒውን ሊናገር ይችላል። አንድ አባት «ልጄ ይህን ሙያ እንዲይዝ እፈልግ ነበር፤ አሁን ግን አልመክረውም» ቢሉና ኤዲተሩ «እፈልግ ነበር» ላይ ቢቆርጠው፣ በእሳቸው አፍ ያላሉትን ተናገረ ማለት ነው። ይህን ስህተት የሚይዘው ሙሉው የጽሑፍ ግልባጭ ነው።

ግልባጩ ሲያልቅ የወረቀት ኤዲቲንግ ይጀመራል። የተመረጡት ንግግሮች ታትመው ይቆራረጡና ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። በስተግራ የሚሰማው፣ በስተቀኝ የሚታየው ይጻፋል። የእያንዳንዱ ንግግር ርዝመት ከሎጉ ስለሚታወቅ ድምሩን ማስላት ቀላል ነው። ቡድናችን 25 ደቂቃ ንግግር መርጦ ከሆነ ለ12 ደቂቃ ፊልም እንደማይሆን እዚሁ ላይ ይታወቃል። ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ንግግር ቢያስቀር፣ ሥራው ራሱ ያለ ቃል የሚናገርበት ቦታ ይተርፋል። ለዚህ መቁረጫው መስፈርት አንድ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙ ስለ ምንድን ነው? መልሱ «ሙያው ወደ ልጅ ይተላለፍ ይሆን?» የሚል ከሆነ፣ ስለ ክር ዋጋ የተነገረው ጥሩ ንግግር ሁሉ ይህን ጥያቄ ካልነካ ይወጣል።

ሶፍትዌሩ የሚከፈተው አሁን ነው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም ይበቃል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ፕሮክሲ የሚባሉ ቀላል ቅጂዎች ተሠርተው በእነሱ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች ይመለሳል። የመጀመሪያው ድርደራ ወረቀቱን እንዳለ ተከትሎ ይረዝማል፤ ከዚያ ደጋግሞ እየታየ ያጥራል።

የሸማኔ ፊልም እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ቃለ ምልልሱ የተቀረጸው ጎረቤት ሸማኔ እየሠራ ከሆነ፣ ከንግግሩ ሥር የእቃው ምት ይሰማል። ከመሃል ሁለት ቃል ሲወጣ ምቱ ይዘላል። ዓይን በሌላ ምስል ቢሸፈንም ጆሮ መቆረጡን ያውቃል። መፍትሔው መቁረጫውን በጥቂት ፍሬሞች ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ምቱ እኩል የሚወድቅበትን ቦታ መፈለግ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሠራ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። በቀረጻው ቀን የምቱን ድምፅ ብቻውን ለአንድ ደቂቃ የቀረጸ ቡድን ክፍተቱን የሚሞላበት ነገር አለው።

ቆረጣው ሲያልቅ ምስሉ ይቆለፋል፤ በሙያው ፒክቸር ሎክ ይባላል። ከዚህ በኋላ የአንድም ምስል ርዝመት አይነካም። ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ቀለምና የግርጌ ጽሑፍ በሙሉ በዚህ ርዝመት ላይ ስለሚሠሩ፣ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ሴኮንድ ቢወጣ ተከታዩ ሁሉ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ከመቆለፉ በፊት ፊልሙን ፈጽሞ ያላየ ሰው ያየዋል። ጋምኛ የሚችል ሰውም ትርጉሙን ከቆረጣው ጋር ያመሳክራል።

ከቁልፉ በኋላ ንግግሩ በአንድ ደረጃ እንዲሰማ ይስተካከላል። በአውሮፓ የቴሌቪዥን ስርጭት መለኪያው 23 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ ከዜሮ በታች ነው፤ ፊልሙን የሚቀበለው ጣቢያ ወይም ፌስቲቫል የራሱን ደረጃ ከሰጠ እሱ ይበልጣል። በቀለም ሥራ ነጩ ሸማ ጥሩ መመዘኛ ይሆናል። በጠዋት ብርሃንም በአምፖል ሥርም ነጭ መምሰል አለበት፤ ድርና ማጉ የማይለይ ወጥ ነጭ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። ያ ዝርዝር በቀረጻው ጊዜ ጠፍቶ ከሆነ ግን በኤዲቲንግ አይመለስም።

የግርጌ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ከሆነ የጽሑፍ ፋይሉ UTF-8 ሆኖ ይቀመጣል፤ ፊደሉን የሚያውቅ ፎንትም ይመረጣል። አለዚያ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይመጣሉ።

በመጨረሻም ሁለት ፋይሎች ይወጣሉ። አንዱ በፕሮሬስ 422 የተዘጋጀ ማስተር ነው፤ ለ12 ደቂቃ 11 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ሌላው ለመላኪያና ለማሳያ የሚሆን የH.264 ቅጂ ነው፤ በሴኮንድ 16 ሜጋቢት ቢወጣ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። «ኤክስፖርት ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ፋይሉ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም። ጥቁር ፍሬም፣ የተቋረጠ ድምፅ ወይም ያልተገናኘ ክሊፕ አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ የወጣው ፋይል ራሱ በሌላ ኮምፒውተርና በቴሌቪዥን ከመጀመሪያው ሴኮንድ እስከ መጨረሻው ይታያል። ስምንት ሳምንት ያለው ቡድን ሦስቱን ለሎግና ለወረቀት፣ ሦስቱን ለቆረጣ ቢሰጥ፣ ለድምፅ፣ ለቀለምና ለዚህ የመጨረሻ ፍተሻ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል።