ያለፈውን ዋጋ ያሸነፈ ስልት ለነገ ዋስትና ይሆናልን?

በጉንችሬም ሆነ በወልቂጤ በእጅ ስልክ ከሚደርሱ መልእክቶች መካከል «ይህ የቢትኮይን መገበያያ ስልት ባለፉት ዓመታት ገንዘብን በብዙ እጥፍ አሳድጓል» የሚሉ አይታጡም። ስሌቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳስተው ግን ስሌቱ የተሠራበት መንገድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ስልት «ተንቀሳቃሽ አማካይ» ይባላል። የአምስት ቀን መዝጊያ ዋጋ 100፣ 102፣ 104፣ 103 እና 106 ቢሆን አማካዩ 103 ነው። የመጨረሻው ዋጋ ከአማካዩ ስለሚበልጥ ስልቱ «ግዛ» ይላል፤ ከአማካዩ በታች ሲወርድ ደግሞ «ሽጥ» ይላል።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ይፈጸማል። ፈታኙ በ106 እንደገዛ አድርጎ ያሰላል። ነገር ግን 106 የሚታወቀው ቀኑ ሲዘጋ ነው፤ ይህም በብዙ የመገበያያ መድረኮች በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሰው ነቅቶ የሚገዛው ጠዋት ነውና ዋጋው 109 ደርሶ ከሆነ በስሌቱ መግባት ያለበት 109 ነው። ክፍያም አለ፤ በ100 ብር ግብይት 10 ሳንቲም ቢከፈል፣ 40 ጊዜ ገዝቶ 40 ጊዜ የሸጠ ሰው 8 ብር ያህል ያጣል።

ሁለተኛውና የከፋው ስህተት ስልቱን ባለፈው ዋጋ ልክ መስፋት ነው። ከ2 እስከ 200 ቀን ያሉትን አማካዮች ሁሉ የሞከረ ሰው 199 ስልቶችን አወዳድሯል፤ ከእነዚህ አንዱ በዕድል ብቻ ቢያበራ አይደንቅም። ገበሬ በአንድ ክረምት ጥሩ ምርት ስለሰጠ ብቻ ዘርን እንደማያምን ሁሉ፣ ይህም ሌላ ክረምት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ መረጃው ለሁለት ይከፈል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 እስከ 2019 ባለው ዋጋ ስልቱ ይመረጥ፤ ከ2020 እስከ 2023 ያለው ሳይነካ ይቀመጥ። ሁለቱም ክፍሎች መውጣትንም መውረድንም ይዘዋል፤ ቢትኮይን በ2017 ወጥቶ በ2018 ወድቋል፣ በ2021 ወጥቶ በ2022 ዳግም ወድቋል። የተቀመጠው ክፍል የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውጤቱን አይቶ ስልቱን ያስተካከለ ሰው ፈተናውን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነውና፣ ያ ክፍል ከእንግዲህ ፈተና አይሆንም።

ምልክትም አለ። የ50 ቀን አማካይ አትርፎ የ48ቱና የ52ቱ ከከሰሩ፣ ትርፉ የአጋጣሚ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ውጤቱም ቢትኮይንን ገዝቶ ዝም ብሎ ከማስቀመጥ ጋር ይነጻጸር። ፈተናው ዛሬ ድረስ በዘለቁ ገንዘቦች ብቻ ከሆነም ያታልላል፤ በግንቦት 2022 የወደቀው ሉናም ከመውደቁ በፊት ባለትርፍ ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ያለፈ ስልትም ለነገ ዋስትና አይሰጥም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2022 በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ «አትርፏል» የሚል መልእክት ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠየቀው፦ በየትኛው ዓመት ተመረጠ? በየትኛውስ ተፈተነ? የሚለው ነው።