ስሙ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ፊርማው ሰባተኛው ላይ

የ96 ሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ኤክሴል ላይ ተሠርቶ አልቋል እንበል። ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ወጥ ሠንጠረዥ ነው፤ በግራ ስም፣ በቀኝ ጫፍ የተጣራ ክፍያና ፊርማ። ፕሪንት ሲደረግ ግን 9 ወረቀት ይወጣል። አንደኛው ገጽ ላይ ስምና መነሻ ደመወዝ አለ፤ የዚያው ሰው ግብርና ጡረታ አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ የሚፈርምበት ባዶ ሳጥን ደግሞ ሰባተኛው ላይ፣ አጠገቡ ስም የሚባል ነገር ሳይኖር። ገንዘብ ከፋዩ ወይ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያጣብቃል፣ ወይ ሠራተኛው የራሱን ረድፍ በጣቱ እየቆጠረ ይፈልጋል። በስህተት የሌላ ሰው መስመር ላይ የተፈረመ ፊርማ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያስፈልገውም።

ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። ኤክሴል ሠንጠረዡ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የትኞቹ ዓምዶች መለያየት እንደሌለባቸው አያውቅም። የሚያውቀው የወረቀቱን ልክ ብቻ ነው። ቁመቱ ቆሞ የተቀመጠ ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ኤክሴል ከግራና ከቀኝ በልማዱ የሚተወው ኅዳግ ሲቀነስ ለጽሑፍ የሚቀረው 17.4 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የእኛ ሰነድ 14 ዓምዶች አሉት፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መነሻ ደመወዝ፣ የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት፣ ጠቅላላ ክፍያ፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ ብድር፣ ጠቅላላ ተቀናሽ፣ የተጣራ ክፍያ፣ ፊርማ። የሰውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ መጻፍ ስላለብን የስም ዓምዱ ብቻ 5 ሴንቲሜትር ተኩል ይወስዳል። ሁሉም ሲደመሩ 37 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። 37ን በ17.4 ማስገባት ስለማይቻል ኤክሴል አምስት ዓምድ ይወስድና ይቆርጣል፣ ሰባት ይወስድና ይቆርጣል፤ የተጣራ ክፍያና ፊርማ ለብቻቸው ይቀራሉ። ዓምድ ከመካከሉ ስለማይሰነጥቅ የተረፈው ቦታ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ገጾቹ የሚከተሉበት ቅደም ተከተልም የራሱ ግራ መጋባት አለው። ኤክሴል ካልተነገረው በቀር መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች የግራውን ዓምዶች እስከ መጨረሻው ሠራተኛ ድረስ ይጨርሳሉ፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ተመልሶ መካከለኛውን፣ በመጨረሻም የቀኙን ያትማል። የአንድ ሰው መስመር ገጽ 1፣ 4 እና 7 ላይ የሚበተነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚያደርገው ነገር አለ፦ የፕሪንት መስኮቱን ይከፍትና Fit Sheet on One Page የሚለውን ይመርጣል። ሠንጠረዡ አጭር ከሆነ ይሠራል። መቶ ረድፍ ያለውን ሰነድ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ሲያጭቀው ፊደሉ ለማጉያ መነጽር ይተርፋል፤ ፊርማ ደግሞ አያስገባም። ማሳነስ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚታተም፣ ቀጥሎ ወረቀቱ እንዴት እንደሚቀመጥ ይወሰን፤ መጠኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ምን እንደሚታተም የሚወስነው የህትመት ክልሉ ነው። ከርዕሱ ጀምሮ እስከ ድምሩ ረድፍ፣ ከተራ ቁጥር እስከ ፊርማ ያለውን ብቻ መርጠው Page Layout በሚለው ትር ውስጥ Print Area፣ ከዚያ Set Print Area ይጫኑ። ይህን ያላደረገ ሰው ኤክሴል አንዳች ነገር ያለበትን ሴል ሁሉ እንደሚያትምለት ይወቅ። ከሠንጠረዡ ራቅ ብሎ፣ S ዓምድ ላይ፣ ሒሳብ ሠሪው ለራሱ ማመሳከሪያ የጻፋት አንዲት ቁጥር ተጨማሪ ወረቀቶች ታስወጣለች። ባዶ መስሎ የሚታይ ግን መስመር የተሰመረበት ሴልም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ለማወቅ Ctrl እና End በአንድነት ይጫኑ፤ ጠቋሚው ከፊርማው ዓምድ አልፎ ወይም ከድምሩ ረድፍ ወርዶ ባዶ ቦታ ላይ ካረፈ፣ እዚያ አካባቢ የተረሳ ነገር አለ ወይም ነበረ ማለት ነው።

በመካከል ያለ፣ ወረቀት ላይ የማይፈለግ ዓምድ ሲኖር ሰዎች ግራና ቀኙን ለያይተው እንደ ሁለት ክልል ይመርጣሉ። አይበጅም፤ ኤክሴል እያንዳንዱን ክልል በየራሱ ወረቀት ያትመዋል። ዓምዱን መደበቅ ይሻላል፤ የተደበቀ ዓምድ አይታተምም።

አሁን ወረቀቱ። Orientation ላይ Landscape ተመርጦ ወረቀቱ ሲጋደም፣ Margins ላይ ደግሞ Narrow ሲባል፣ የሚጻፍበት ስፋት ከ17.4 ወደ 28 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። Size ላይ A4 መሆኑንም አብረው ይዩ። አሜሪካ ካለ ዘመድ ወይም ድርጅት የመጣ ፋይል ብዙ ጊዜ Letter በሚባለው ወረቀት ልክ የተዘጋጀ ነው፤ እሱ ከኤ4 በጥቂቱ ሰፋ፣ ወደ 2 ሴንቲሜትር ያህል ደግሞ አጠር ይላል።

መጠኑ አሁን ይምጣ። እዚያው ትር ላይ Scale to Fit የሚል ክፍል አለ። Width የሚለውን 1 page ያድርጉ፤ Height የሚለውን ግን Automatic ላይ ይተዉት። ትርጉሙ በወርዱ አንድ ገጽ ይሁን፣ በቁመቱ የፈለገውን ያህል ይሂድ ማለት ነው። የፕሪንት መስኮቱ ውስጥ Fit All Columns on One Page የሚባለውም ይኸው ነው። ኤክሴል 37 ሴንቲሜትሩን 28 ላይ ለማሳረፍ ወደ 76 በመቶ ያሳንሰዋል። 11 የነበረው ፊደል 8 ከምናምን ይሆናል፤ ይነበባል። ወረቀቱን ሳናጋድም ይህንኑ ብናደርግ ኖሮ ወደ 47 በመቶ ይወርድ ነበር፤ ፊደሉ 5 ገደማ ይሆናል፣ ያንን ማንበብ ለወጣት ዓይንም ሥራ ነው። በጽሑፍ ለሞላ ሰነድ ከ65 በመቶ በታች መውረድ አይገባም ባይ ነኝ። ከዚያ ከወረደ የሚደበቅ ዓምድ ይፈለግ፤ ለምሳሌ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ሠራተኛው ሲፈርም ማየት አያስፈልገውም። እሱን ብቻ መደበቅ 76ቱን ወደ 82 ያደርሰዋል።

እዚህ ላይ ቶሎ የማይታሰብ ነገር አለ። ሲያሳንስ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የረድፉንም ቁመት ያሳንሳል። ኤክሴል ሲከፈት ያለው የረድፍ ቁመት 15 ፖይንት፣ ማለትም ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ76 በመቶ 4 ሚሊሜትር ይቀረዋል። በ4 ሚሊሜትር ውስጥ መፈረም አስቸጋሪ ነው፤ ፊርማዎቹ እርስ በርስ ይወጣጣሉ። የረድፎቹን ቁመት አስቀድሞ ወደ 22 ፖይንት ከፍ ማድረግ ወረቀቱ ላይ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ሰነዱም በ4 ገጽ ያልቃል። ከ9 ወደ 4፣ ስምና ፊርማም በአንድ መስመር።

ይቀራል አንድ ነገር፦ ሁለተኛው ገጽ ሲጀምር ከላይ የዓምዶቹ ስም የለም። የቁጥር ሰልፍ ብቻ ነው፣ የትኛው ግብር የትኛው ብድር እንደሆነ አይለይም። ስክሪኑ ላይ Freeze Panes ተደርጎ ርዕሱ ስለማይንቀሳቀስ ብዙዎች ወረቀት ላይም እንደዚያው ይሆናል ብለው ያስባሉ። ሁለቱ አይገናኙም። ለወረቀቱ Page Layout ላይ Print Titles ተከፍቶ፣ Rows to repeat at top በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚደገሙት ረድፎች ይገባሉ። የድርጅቱ ስም፣ ወሩና የዓምዶቹ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ረድፎች ከያዙ የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
$1:$3
```

ሳጥኑ ደብዝዞ አልጻፍ ካለ ምናልባት የገቡት በፕሪንት መስኮቱ በኩል ነው። ያንን ዘግተው ከ Page Layout ይግቡ። ሴል ውስጥ እየጻፉ ከነበረም መጀመሪያ Enter ይጫኑ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ በዝምታ የሚመጣ አደጋ አለ፤ ከዘጠኙ ወረቀት ይልቅ እኔ የምፈራው እሱን ነው። የህትመት ክልል አንዴ ከተቀመጠ ፋይሉ ውስጥ ይኖራል። በሚቀጥለው ወር ሁለት ሠራተኞች ተቀጥረው ከክልሉ በታች ቢጻፉ ስክሪኑ ላይ አሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የሉም፤ ኤክሴልም ምንም አይልም። ዘጠኝ ወረቀት ሲወጣ ችግሩ ለማንም ይታያል፤ የጎደለ ስም ግን የሚታየው ባለቤቱ ሊፈርም ሲመጣ ነው። መከላከያው አዲስ ረድፍን ከመጨረሻው ሠራተኛ በላይ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ Insert ማድረግ ነው፤ ያኔ ክልሉም ድምሩን የሚሠራው ቀመርም አብረው ይለጠጣሉ። ለማረጋገጥ View ላይ Page Break Preview ይክፈቱ። የሚታተመው ነጭ ሆኖ በሰማያዊ መስመር ይታጠራል፤ ከእሱ ውጭ ግራጫ ውስጥ የቀረ ስም ካለ ወዲያው ይለያል።

ሌላው ስክሪኑ ላይ ደህና የነበረ ቁጥር ወረቀት ላይ #### ሆኖ መውጣቱ ነው። የስክሪንና የፕሪንተር ፊደል ስፋት ፍጹም አንድ ስላልሆነ በጣም የጠበበ ዓምድ ወረቀት ላይ አልበቃ ይላል። ዓምዱን ትንሽ ማስፋት ይበቃል፤ መጠኑን ኤክሴል ራሱ መልሶ ያሰላል።

በጉግል ሺትስ ለሚሠሩ መንገዱ ይለያል። የሚታተመውን ክፍል መርጠው የፕሪንት መስኮቱ ላይ Selected cells፣ ቀጥሎ Fit to width ይላሉ። የሚገርመው እዚያ የርዕስ መደጋገሙ ከቆመው ረድፍ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው፤ ረድፎቹን Freeze አድርገው Headers & footers ሥር Repeat frozen rows የሚለውን ይመርጣሉ።

የመስከረሙን ሰነድ አስተካክሎ ለጥቅምት እንደገና ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ሴሎቹን ኮፒ አድርጎ አዲስ ሺት ላይ መለጠፍ ግን የህትመት ክልሉን፣ የተጋደመውን ወረቀትና የሚደገሙትን ረድፎች ይዞ አይሄድም። ከታች ያለውን የሺቱን ስም በቀኝ ጠቅ አድርገው Move or Copy፣ ከዚያ Create a copy የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሺቱ ከነአታተሙ ይገለበጣል። ስሙን ጥቅምት ብለው ለውጠው ቁጥሮቹን ያስገቡ፤ ሦስተኛው ረድፍ ሳይደርሱ ሁለተኛው ላይ ያለውን የወሩን ስም መቀየርም አይርሱ፣ በየገጹ ስለሚደገም ስህተቱም አራት ጊዜ ነው የሚታተመው።