ድምሩ ልክ ነው፣ ትርፉስ?

አንድ ነጋዴ ብድር ፈልጎ ባንክ ሲሄድ ከሚያቀርባቸው ወረቀቶች መካከል የብድር ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት ሁለት ናቸው። አንደኛው የሀብትና ዕዳ መግለጫው ሲሆን፣ ድርጅቱ ሰኔ 30 ቀን ምን እንደነበረውና የማን ዕዳ እንደነበረበት ያሳያል። ሁለተኛው የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ነው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስንት ተሽጦ፣ ስንት ወጥቶ፣ ስንት እንደተረፈ ይናገራል። ብዙ ሰው በአንደኛው ወረቀት ግራና ቀኙ እኩል ከመጣ ሂሳቡ ያለቀለት ይመስለዋል። እኩል መምጣቱ ግን ብዙም አያስመሰክርም። የዛሬ የሂሳብ ሶፍትዌር እኩል ያልሆነ ነገር እንዳይመዘገብ አድርጎ የተሠራ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥርም ቢገባበት ሁለቱን ወገን እኩል አድርጎ ያወጣዋል። ባለሙያው የሚለፋው ሁለቱን ወረቀቶች እርስ በርስ በማስተያየት ላይ ነው።

ለማሳያ ያህል አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንውሰድ። ፌሮ፣ ቆርቆሮና ቀለም ይሸጣል እንበል። የ2016 በጀት ዓመት ሂሳቡን በመስከረም 2017 አሰናድቶ 5 ሚሊዮን ብር ብድር ጠይቋል። በወረቀቱ ላይ ጠቅላላ ሀብቱ 15 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 7.5 ሚሊዮኑ መጋዘን ያለ ዕቃ ነው። የሰው ዕዳ 8 ሚሊዮን፣ የባለቤቶቹ ድርሻ ደግሞ 7 ሚሊዮን፤ ድምሩ ልክ 15 ነው። ሽያጩ 30 ሚሊዮን፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 2 ሚሊዮን፣ ግብሩ በ30 በመቶ ስሌት 600 ሺህ፣ የተጣራ ትርፉ 1.4 ሚሊዮን ብር ነው።

የመጀመሪያው ማስተያያ የተጠራቀመ ትርፍ ነው። አምና የተጠራቀመው 1 ሚሊዮን ብር ከነበረና ባለቤቶቹ ምንም ካልተከፋፈሉ፣ የዘንድሮው 1.4 ሲጨመርበት 2.4 ሚሊዮን መሆን አለበት። ወረቀቱ ግን 3 ሚሊዮን ይላል። የ600 ሺህ ብር ልዩነት አለ። ይህ ቁጥር ከላይ ካየነው ግብር ጋር አንድ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛው ከግብር በፊት ያለውን ትርፍ እንዳለ ወደ ባለቤቶቹ ድርሻ አሻግሮታል ማለት ነው። በዕዳው በኩል የሚከፈል ግብር የሚል መስመር ፈልጎ ማጣት ይህንኑ ያረጋግጣል። ልዩነት ሲገኝ መጠኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይጠቁማል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ተበዳሪው ጋር ከመደወሉ በፊት ያንን ቁጥር በሌሎቹ መስመሮች ውስጥ ይፈልጋል። ይህኛው ስሕተት ቀላል ነው፤ ታርሞ ይታለፋል።

ወለዱም እንዲሁ ይታያል። በወረቀቱ ላይ ያለው የባንክ ብድር 4 ሚሊዮን፣ በዓመቱ የተከፈለው ወለድ 500 ሺህ ብር ነው፤ 12.5 በመቶ ይሆናል፣ አያጠራጥርም። ወለዱ 900 ሺህ ቢሆን ኖሮ ግን በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሌላ አበዳሪ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ይል ነበር።

ዋናው ጉዳይ ዕቃው ላይ ነው። የተሸጠው ዕቃ ስንት እንደፈጀ የሚታወቀው ዓመቱ ሲጀምር ከነበረው ዕቃ ላይ በዓመቱ የተገዛውን ደምሮ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን በመቀነስ ነው። ነጋዴያችን በ3.5 ሚሊዮን ዕቃ ጀመረ፣ የ28 ሚሊዮን ገዛ፣ 7.5 ሚሊዮን ተረፈኝ አለ። ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 24 ሚሊዮን ነው። ስሌቱ እንከን የለውም። ቅር የሚለው ምጣኔው ነው። አምና 27 ሚሊዮን ሲሸጥ የዕቃው ዋጋ 23.8 ሚሊዮን ነበር፤ ከመቶ ብር ሽያጭ 12 ብር ገደማ ይተርፈው ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ 20 ብር ሆኗል። አምና አንድ ዕቃ መጋዘን ገብቶ እስኪሸጥ በአማካይ 54 ቀን ይቆይ ነበር፤ ዘንድሮ 114 ቀን ይላል። ዕቃው እየቆየበት ትርፉ የጨመረለት አከፋፋይ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን መጋዘኑን ሳያዩ መፈረም አይገባም።

በመጋዘን የሚቆጠረው የዛሬ ዕቃ እንጂ የሰኔ 30ው አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ከዝርዝሩ ላይ ብዙ ብር የያዙትን ጥቂት ዓይነቶች መርጦ ያስቆጥራል፤ በቆጠራው ላይ ከሐምሌ 1 ወዲህ የተሸጠውን ይደምራል፣ የገባውን ይቀንሳል። ውጤቱ የሰኔ 30ውን ብዛት ይሰጠዋል። በምሳሌያችን ብዛቱ ልክ ሆኖ ተገኘ እንበል፤ ፌሮውም ቆርቆሮውም አልጎደለም። ቀጥሎ የግዢ ደረሰኙ ከዝርዝሩ ጎን ሲቀመጥ ግን ዋጋዎቹ አይገናኙም።

«ጋሼ፣ ይህን የነጠላ ዋጋ ከየት አመጡት?» ይላል ባለሙያው።

«ዛሬ የምሸጥበት ነዋ! ታዲያ በስንት ልጻፈው ልጄ?»

ነጋዴው ዋሽቷል ለማለት ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃም ዋጋው ተከትሎ ወጣ። ዝርዝሩን በመስከረም ያዘጋጀ ሰው በመስከረም ዋጋ ቢሞላው የሚገርም አይደለም። የሂሳብ ደንቡ ግን ዕቃ የሚመዘገበው በተገዛበት ወይም የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ፣ ከሁለቱ ባነሰው ነው ይላል። በደረሰኝ ዋጋ ሲታሰብ የሰኔ 30ው ዕቃ 4.5 ሚሊዮን ብር ሆነ።

አሁን ይህ አንድ ቁጥር ምን እንደሚያናጋ እንይ። የተረፈው ዕቃ በ3 ሚሊዮን ሲያንስ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ በዚያው ልክ ጨምሮ 27 ሚሊዮን ይደርሳል። ያ የ2 ሚሊዮን ትርፍ ወደ 1 ሚሊዮን ኪሳራ ይገለበጣል። በ2016 በጀት ዓመት ኪሳራ ላይ ግብር ስላልነበረ የ600 ሺሁ ነገር ይቀራል፤ የአምናው የተጠራቀመ ትርፍም በኪሳራው ያልቃል። ሀብቱ 12 ሚሊዮን፣ ዕዳው 8፣ የባለቤቶቹ ድርሻ 4 ይሆናል። ይኸኛውም እኩል ነው። ቀድሞ ለባለቤቶቹ አንድ ብር የሰው ገንዘብ 1 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር፤ አሁን 2 ብር ሆኗል። ዕቃው መጋዘን የሚቆይበት ጊዜም 61 ቀን ይሆናል፤ ወደ አምናው መመለሱ የ4.5 ሚሊዮኑን እውነትነት ያጠናክራል።

ባለሙያው ሌላም ወረቀት መጠየቅ ይችላል፦ ለግብር ሰብሳቢው የቀረበውን ሂሳብ፣ ማኅተም ያለበትን። የማኅበሮች ማሳወቂያ ጊዜ ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ በመስከረም ላይኖር ይችላል፤ የዚያኑ ዓመት 12 ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያዎች ግን በእጅ መኖር አለባቸው። ድምራቸው ከ30 ሚሊዮኑ ሽያጭ ጋር ይነጻጸራል። እዚህ ላይ የሚታየው ክፍተት ብዙ ጊዜ የሁለት መዝገብ ነገር ነው፤ ለግብር አንድ፣ ለባንክ ሌላ። ያኔ የትኛው እውነት ነው ብሎ ከመከራከር ይልቅ ባንኩ በአነስተኛው ቁጥር ቢያሰላ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ነጋዴው ለመንግሥት ፈርሞ ያረጋገጠው እሱን ነውና።

ዕቃው በ7.5 ሚሊዮን ታልፎ ብድሩ ቢሰጥስ? የሰኔ 30 ዕቃ የሐምሌ 1 መነሻ ነው። በ2017 መጨረሻ ዕቃው በግዢ ዋጋ በትክክል ቢመዘገብ፣ ያ የ3 ሚሊዮን ብር ትርፍ ንፋስ ከ2017 ትርፍ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይወጣል። ያኔ 5 ሚሊዮኑ ከባንክ ከወጣ ወራት አልፈውታል።