ለቪዛ ፎቶ «ትንሽ አፅዳልኝ» ማለት ለምን ችግር ያመጣል?

ፎቶ ቤት ስንገባ «ቡግሯን አጥፋልኝ፣ ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ማለት ለምደናል። ለሰርግ ወይም ለፕሮፋይል ከሆነ ችግር የለውም። ለአሜሪካ ቪዛ ግን መመሪያው ፎቶውን በሶፍትዌር፣ በአፕ ወይም በፊልተር አትቀይሩ ይላል። ዲቪ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ለምን ተከለከለ? ፎቶውን የሚያየው ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። ኮምፒውተር በዓይኖቻችን መካከል ያለውን ርቀት፣ የአፍንጫችንንና የአገጫችንን ቅርፅ አንብቦ፣ በኋላ አየር ማረፊያ ላይ ካሜራ ፊት ከምንቆመው ሰው ጋር ያስተያያል። ፊልተር ደግሞ ሳንጠይቀው ዓይን ያተልቃል፣ አገጭ ያሾላል። ሌላም ስጋት አለ፦ የሁለት ሰው ፊት ተቀላቅሎ አንድ ፎቶ ከተሰራ፣ በአንድ ፓስፖርት ሁለቱም ሊያልፉ ይችላሉ። ጀርመን ከግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ከቤት የሚመጣ የወረቀት ፎቶ መቀበል ያቆመችው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይፈቀዳል? ፎቶውን መቁረጥ፣ የተጋደመውን ማቃናትና መጠኑን መቀነስ። እነዚህ ፊታችንን አይነኩም። ግን እዚህም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

በምሳሌ እንየው። ስልካችሁ ያነሳው ፎቶ ወርዱ 3000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው እንበል። ፊታችሁ ከአገጭ እስከ አናት 2000፣ ወደ ጎን 1400 ይዟል። የሚፈለገው 600 በ600 ነው። ሳትቆርጡ በቀጥታ 600 በ600 ካደረጋችሁት፣ ፊታችሁ ቁመቱ 300፣ ወርዱ 280 ይሆናል። ማለትም እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆነ! አንድም ፊልተር ሳትነኩ መልካችሁን ቀየራችሁ። መጀመሪያ 3000 በ3000 አድርጋችሁ ብትቆርጡትና ከዚያ ብታሳንሱት ግን 400 በ280 ይሆናል፤ መልካችሁ እንዳለ ነው። የጭንቅላቱ ቁመትም ከፎቶው 67 በመቶ ገደማ ስለሚይዝ፣ ከ50 እስከ 69 በመቶ በሚለው መስፈርት ውስጥ ነው።

ጠባሳ ወይም «ማርያም የሳመችኝ» የምንለው ምልክት ካላችሁ አይጥፋ፤ ማንነታችሁን ከሚያሳዩት አንዱ እሱ ነው። ቡግርም ቢሆን ይቆይ፣ በእሱ ምክንያት ፎቶ አይመለስም። ጀርባውን በአፕ ነጭ ማድረግም አያዋጣም፤ አፑ የፀጉርና የጆሮ ጠርዝ ይበላል። ነጭ ግድግዳ ፈልጉ፣ ጥላ እንዳይወድቅ ትንሽ ራቅ በሉ፣ በመስኮት ብርሃን ተነሱ።

ከመላካችሁ በፊት የስልካችሁን «ቢዩቲ» ሞድ ማጥፋታችሁን እዩ። አንዳንድ ስልክ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በርቶ ይመጣል። ቆዳችሁ እንደ ፕላስቲክ ልሙጥ ከሆነ አጥፍታችሁ እንደገና ተነሱ።