የሪፈር ወረቀቷ ምን ትላለች?

"ሪፈር ተጽፎልኛል" የምትል ታማሚ በእጇ የያዘችው ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ የጤና ጣቢያው ስም፣ መሐሉ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ ጥቂት መስመር፣ ከታች ፊርማና ማኅተም። ታማሚዋ አታነበውም። አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረውና ታክሲ ትይዛለች። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚቀበላት ነርስ ግን መጀመሪያ የሚያየው ያንን ወረቀት ነው። ወረፋዋ ስንተኛ እንደሚሆን በከፊል የሚወሰነውም በእሱ ነው።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሪፈራል ሥርዓቱን መመሪያ ያወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ታካሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል እንዴት እንደሚላክ፣ ወረቀቱ ምን መያዝ እንዳለበትና መልሱ እንዴት ወደ ላኪው እንደሚመለስ ተጽፏል። ሆኖም እስካሁን ድረስ "ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና" ከሚል አንድ ሐረግ በቀር ምንም ያልያዘ ወረቀት ይዘው ሆስፒታል የሚደርሱ ሰዎች አሉ። ይህች ሐረግ ሐሰት አይደለችም፤ ግን ታማሚዋ በራሷ አንደበት "ሆዴን አመመኝ" ከምትለው የበለጠ ነገር አትናገርም። ጤና ጣቢያ ውስጥ የተደረገው ምርመራ ሁሉ በር ላይ ይቀራል፤ ሆስፒታሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ሙሉ ወረቀት ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት ታካሚ እናስብ። የ26 ዓመት ሴት ናት። ከየካ ክፍለ ከተማ ተነስታ እንጦጦ ጫካ ትወጣለች፤ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። ኅዳር 20 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ጎንበስ ብላ በእህቷ ትከሻ ተደግፋ ጤና ጣቢያ ትገባለች። እህቷ ቀድማ "ሸክም ነው የጎዳት፣ ሲስተር" ትላለች። ቤት ውስጥ ፌጦ በሎሚ ተበጥብጦ ተሰጥቷታል፤ አልተሻላትም።

ጥሩ ነርስ የሸክሙን ነገር ሰምታ ታልፈዋለች እንጂ አትጽፈውም፤ መጀመሪያ ራሷ መጠየቅ አለባት። "ሕመሙ የት ጀመረሽ? አሁንስ የት ነው? በአንድ ጣትሽ አሳይኝ።" ታማሚዋ መጀመሪያ እምብርቷ ዙሪያ እንደነበር፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ግን ወደ ቀኝ ታች እንደወረደ ትናገራለች። ጣቷን የምታሳርፈው ከቀኝ ዳሌ አጥንት ጫፍ እስከ እምብርት ባለው መስመር ላይ ነው፤ ከዳሌው በኩል ሲለካ ሲሶው አካባቢ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቻርልስ ማክበርኒ እ.ኤ.አ. በ1889 የጻፈበት ቦታ ይህ ነው። ከሕመሙ በኋላ አንድ ጊዜ አስመልሷታል። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አላሰኛትም።

ሕመሙ ቦታ የሚቀይርበት ምክንያት አለው። ትርፍ አንጀት መጀመሪያ ሲዘጋና ሲያብጥ ስሜቱን የሚያደርሰው የውስጥ አካል ነርቭ ነው፤ ያ ነርቭ ቦታን በትክክል አይለይም፤ እምብርት አካባቢ ያሳምማል። እብጠቱ ከሆድ ግድግዳ የውስጥ ሽፋን ጋር ሲነካካ ግን ታማሚዋ በአንድ ጣት ልታሳየው ትችላለች። ስለዚህ "ከእምብርት ወደ ቀኝ ታች ወረደ" የሚለው አንድ መስመር ከብዙ የላቦራቶሪ ውጤት የበለጠ ይናገራል። "ቀኝ ሆዷን ያማታል" ብሎ የጻፈ ሰው ይህን መስመር ጥሎታል።

ቀጥሎ እጅ ይናገራል። ነርሷ ታማሚዋን በጀርባዋ አስተኝታ ጉልበቷን አጠፍ ታደርጋታለች፤ እጇን ካሞቀች በኋላ ከማያማት ከግራ በኩል ትጀምራለች። እየዳሰሰች የምታየው እጇን ሳይሆን የታማሚዋን ፊት ነው። ግራ ታችን ስትጫን ታማሚዋ "እዚያ ሳይሆን እዚህ ነው የሚሰማኝ" ብላ ቀኟን ትይዛለች። ቀኙ ላይ ስትደርስ የሆዷ ጡንቻ ሳትፈልገው ይደነድናል። ቀስ ብላ ተጭና ስትለቅ ደግሞ ከመጫኑ ይልቅ መልቀቁ ይብስባታል። "ሳል በይ" ስትላት ታማሚዋ እጇን ቀኝ ሆዷ ላይ ታኖራለች። የሰውነት ሙቀት 37.9፣ የልብ ምት በደቂቃ 104፣ የደም ግፊት 110 በ70።

ብዙ ጊዜ ከወረቀት የሚቀረው ያልተገኘው ነገር ነው። ወገቧ ላይ ኩላሊቷን መታ ስታደርግ አላመማትም፤ ሽንቷ አያቃጥላትም። የሸክም ነገር ስለተነሳ ብሽሽቷን አይታለች፤ የአንጀት መውረድ የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር ከባድ ሸክም በሚሸከሙ ሴቶች ላይ በቀላሉ ይዘለላል፤ ታማሚዋ ስለምታፍር፣ መርማሪዋም ስለምትቸኩል። "ብሽሽት ታይቷል፣ እብጠት የለም" የሚል መስመር ለቀዶ ሐኪሙ አንድ ትልቅ ጥርጣሬ ያነሳለታል።

የደም መቁጠሪያ ማሽኑ በዚያ ቀን አይሠራም እንበል። ይህም ይጻፋል፤ "አልተሠራም" እና "ደህና ነው" አንድ አይደሉምና። አልቫራዶ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የነጥብ አሰጣጥ ከ10 ይታሰባል። የሕመሙ መሻገር 1፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት 1፣ ማስመለስ 1፣ ቀኝ ታች ሲነካ ማመም 2፣ ሲለቀቅ መባስ 1፣ ከ37.3 ያላነሰ ሙቀት 1 ይሰጣል። የቀሩት 3 ነጥቦች ከደም ምርመራ የሚመጡ ናቸው። ይህች ታካሚ ያለ ደም ምርመራ 7 አላት፤ ይህም በዚህ መለኪያ ትርፍ አንጀትን በብርቱ የሚያስጠረጥር ነው። መለኪያው ግን ሴቶች ላይ ያታልላል፤ የማህፀንና የእንቁላል ማፍሪያ ሕመም ተመሳሳይ ነጥብ ሊያስገኝ ይችላል።

ስለዚህ የወር አበባዋ መጠየቅ አለበት፤ ወረቀቱ ደጋግሞ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። "መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው፣ እህቴ?" ስትባል ታማሚዋ ቀን አትቆጥርም፤ "በጥቅምት ሚካኤል ማግስት" ትላለች። ሚካኤል በ12 ስለሆነ ማግስቱ ጥቅምት 13 ነው። እስከ ኅዳር 20 ድረስ 37 ቀን ሆኖታል። በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ሴት 9 ቀን ዘግይቷል ማለት ነው። ነርሷ ወረቀቱ ላይ "13/2" ብላ ብትተወው፣ የፈረንጆችን አቆጣጠር የለመደ ሐኪም የካቲት ብሎ ያነበዋል፤ ቁጥሩም ትርጉም ያጣል። "ከ37 ቀን በፊት" ብላ ብትጽፍ ግን ማንም አይስተውም። በሽንት የተደረገው የእርግዝና ምርመራ ኔጋቲቭ ነው። ይህ ከማህፀን ውጭ እርግዝናን በጣም ያርቃል፤ ቢሆንም የወር አበባው ስለዘገየ ሁለቱም ይጻፋሉ፤ ተቀባዩ ራሱ ይመዝናቸዋል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። "ለዛሬ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ" ብላለች። ከቀኑ 9 ሰዓት ስለመጣች ሕመሙ 13 ሰዓት ሆኖታል። ወረቀቱ ላይ "8፡00" ብቻ ከተጻፈና ሆስፒታሉ በፈረንጆች ሰዓት ካነበበው፣ 13ቱ 7 ይሆናል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ትርፍ አንጀት ጊዜ በገፋ ቁጥር የመፈንዳት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ የጠፉት ስድስት ሰዓታት ታማሚዋ ስንተኛ እንደምትታይ ሊለውጡ ይችላሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ስህተቱ ዕውቀት በማጣት የሚመጣ አይደለም፤ ሁለት ሰዓትና ሁለት አቆጣጠር ይዘን አንድ ወረቀት ላይ ስለምንጽፍ ነው።

የጥርጣሬው ቅደም ተከተል በመጨረሻ ይመጣል። አንደኛ ትርፍ አንጀት። ሁለተኛ የእንቁላል ማፍሪያ መጠማዘዝ ወይም የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን። ሦስተኛ የኩላሊት ቱቦ ጠጠር፤ ግን የሽንት ምልክት የለም። የአንጀት ቲቢም በአገራችን ቀኝ ታችን ያሳምማል፤ ይሁን እንጂ ሳምንታትና ወራት የሚወስድ፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ሌሊት የሚያልብ ነው እንጂ በአንድ ሌሊት አይጀምርም። ታይፎይድ ከዚህ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ቀን ትኩሳት ይቀድመዋል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞ የመጣ ሰው የዊዳል ምርመራ ተደርጎለት፣ "ታይፎይድ ነው" ተብሎ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዊዳል ግን ቀድሞ የታመመ ወይም ለሌላ ጀርም የተጋለጠ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የተደረገ ዊዳል አያረጋግጥም። ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች ከወረደና ሆዱ ከደነደነ፣ የዊዳል ውጤት መላኩን ሊያዘገይ አይገባም።

ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት የተሰጣት ነገር ከነሰዓቱ ይሰፍራል። ከጤና መኮንኑ ጋር ተመክሮ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ተከፍቶላት እንደሆነ፣ ማስታገሻው ምን እንደሆነና ስንት እንደተሰጣት፣ አንቲባዮቲክ ተጀምሮ እንደሆነ። ማስታገሻ ምርመራን ያደበዝዛል እየተባለ ይከለከል የነበረው አሠራር ዛሬ ተትቷል፤ ሆኖም ሰዓቱ ካልተጻፈ ሆስፒታሉ ላይ የለሰለሰው ሆድ ድኖ ይሁን መድኃኒቱ አግዶት አይለይም። ምግብም ውኃም እንዳትቀምስ ይነገራታል። ጸበል ለመጠጣት ካሰበችም እስክትታይ ድረስ እንድትጠብቅ፣ በማደንዘዣ ጊዜ ሆድ ባዶ መሆን ስላለበት፣ በአክብሮት ይነገራታል።

ከወረቀቱ ጋር አብሮ ወደ መድረሻው ሆስፒታል ይደወላል። በክፍለ ከተማው ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አንዱ ነው፤ አልጋና ቀዶ ሐኪም መኖሩን በሊያዘን ኦፊስ በኩል ሳይጠይቁ የላኩት ሰው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይንከራተታል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆነችም ወረቀቱ ያስፈልጋታል፤ ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንለት ይችላል። አምቡላንስ ካስፈለገ ቀይ መስቀል 907 ነው።

የሪፈር ቅጹ ሌላም ክፍል አለው፤ ሆስፒታሉ ሞልቶ ለላኪው የሚመልሰው። ይህ ክፍል በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ነርሷ የላከቻት ሴት ትርፍ አንጀት ይኑራት፣ የእንቁላል ማፍሪያዋ ተጠማዝዞ ይሁን፣ ጥርጣሬዋ ስህተት ይሁን ወይ ልክ አታውቅም። ስህተቷን ካላወቀች ደግሞ በሚቀጥለው ሆድ ላይ ያንኑ ትደግመዋለች።

ግን አንድ ቀን አለ፤ ብዙዎች ልብ አይሉትም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ክሯን ማስወጣት አለባት፤ ብዙ ጊዜም የምትመጣው ለቤቷ ቅርብ ወደ ሆነው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ ቀን ከሆስፒታል የተሰጣት የመውጫ ወረቀት በእጇ ነው። ነርሷ ክሩን ከማውጣቷ በፊት ያንን ወረቀት ተቀብላ፣ ከመዝገቡ የራሷን የሪፈር ቅጂ አውጥታ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች። አንደኛ ብላ የጻፈችውን፣ "ከ13 ሰዓት በፊት" ያለችውን፣ ብሽሽቱ ላይ ምንም አለመኖሩን ቀዶ ሐኪሙ ካየው ጋር ታስተያያለች። ከዚያ ጓንቷን አድርጋ፣ መቀሷንና ወረንጦዋን ይዛ፣ "እስቲ ተኚልኝ፣ እህቴ" ትላታለች።