የተቆረጠችው ጀበና ለምን ነጭ ሳጥን ይዛ ትመጣለች?

አንድ ቡና ቤት ሜኑ እያሳተመ ነው እንበል። ለሽፋኑ የተመረጠችው ጀበና ጠረጴዛ ላይ እንዳለች በስልክ ፎቶ ተነስታለች፤ ከአፏ ቀጭን እንፋሎት እየወጣ ነው። ዲዛይነሩ ጠረጴዛውንና ግድግዳውን አጥፍቶ ጀበናዋን ብቻ አስቀርቷል። በእጀታዋ ቀዳዳ የሚታየውን ትንሽ ግድግዳ እንኳ አልማረም። የጠፋው ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ በግራጫና በነጭ የዳማ ሰሌዳ ተሸፍኖ ይታያል፤ ይህ ዳማ «እዚህ ምንም የለም» የሚል ምልክት ነው እንጂ የምስሉ አካል አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ግን የተላከለትን ፋይል ቡናማው ሜኑ ላይ ሲያስቀምጠው ጀበናዋ ነጭ ሳጥን ውስጥ ቆማ ትገኛለች። አንዱ «አጥፍቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «አልጠፋም» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የፋይሉ ስም የሚያልቀው በ`.jpg` ነው።

ዲጂታል ፎቶ የጥቃቅን ነጥቦች ክምችት ነው፤ ፒክስል እንላቸዋለን። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚያስቀምጠው የቀለም መረጃ ብቻ ነው። ሲከፈት ለአንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይሰጠናል፦ ቀይ ምን ያህል፣ አረንጓዴ ምን ያህል፣ ሰማያዊ ምን ያህል፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ፣ ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር ይሆናል። «ባዶ» የሚባለው በየትኛው ቁጥር ይጻፍ? ነጭም ጥቁርም ቀለም ናቸው። ባዶነትን ለመመዝገብ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚናገር አራተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎቹ አልፋ ቻናል ይሉታል። አልፋው 255 ከሆነ ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ 0 ከሆነ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታያል፣ መሐል ላይ ከሆነ እንደ እንፋሎቱ በከፊል ያሳያል።

ጄፔግ ይህ ቦታ የሌለው በስህተት አይደለም። በ1992 የወጣው ደረጃ የተዘጋጀው ለፎቶግራፍ ነበር፤ ካሜራ ደግሞ ባዶ ነጥብ አያነሳም፣ በፍሬሙ ውስጥ ያለው ሁሉ የሆነ ቀለም አለው። በእርግጥ አራት ቁጥር የሚይዙ ጄፔጎች አሉ፤ አራተኛው ግን ለኅትመት የሚሆነው የጥቁር ቀለም መጠን ነው። አልፋን ለመጨመር ኋላ ላይ የተዘጋጁ ማሻሻያዎችም ነበሩ። ዛሬ ስልኩም ብራውዘሩም ማተሚያ ቤቱም የሚያውቀው ጄፔግ ግን ያው የድሮው ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ በጄፔግ ሴቭ ሲያደርግ ባዶውን ቦታ በሆነ ቀለም መሙላት ግዴታው ነው። ብዙዎቹ ነጭ ይሞላሉ፤ አንዳንዶቹ በዚያ ሰዓት የተመረጠውን የባክግራውንድ ቀለም ይወስዳሉ። አራተኛውን ቁጥር ዝም ብለው የሚጥሉም አሉ፤ ያኔ በባዶው ነጥብ ሥር የተቀመጠው ቀለም ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም 0፣ 0፣ 0 ስለሆነ ጀበናዋ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ትገባለች።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የፋይሉን ስም ከ`.jpg` ወደ `.png` ይቀይራል። ስም መቀየር ውስጡን አይነካም። ጄፔጉን ከፍቶ በትክክል በፒኤንጂ ሴቭ ማድረግም ቢሆን ነጩን ሳጥን በፒኤንጂ ከማስቀመጥ አያልፍም።

«ታዲያ ነጩን እንደገና ላጥፋው» ቢባልስ? ይቻላል፣ ጠርዙ ግን ይመሰክራል። አንዲት የጠርዝ ነጥብ እንውሰድ። የጀበናዋ ቀለም 41፣ 31፣ 21 ነው፤ ጠርዙ እንዳይሻክር ነጥቧ ግማሽ ብቻ እንድትሸፍን ተደርጋለች። ነጭ ሲሞላበት ከጀበናዋ ግማሽ፣ ከነጩ ግማሽ ይደባለቅና 148፣ 143፣ 138 ይሆናል፤ ፈዛዛ ግራጫ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ይህች ነጥብ ግማሽ ባዶ የሆነች ጥቁር ቡናማ ትሁን ወይም ከመጀመሪያውም ግራጫ ትሁን፣ ፋይሉ ውስጥ የሚለይ ነገር የለም። ንጹሕ ነጩ ሲጠፋ እሷ ትቀራለች፤ ቡናማው ሜኑ ላይም በጀበናዋ ዙሪያ የነጣ ክር ሆና ትታያለች። ጄፔግ በተጨማሪ ምስሉን ስምንት በስምንት ነጥብ ወደሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚጨምቀው፤ በዚህም ጥቁርና ነጭ በሚገናኙበት ጠርዝ አጠገብ ትንንሽ ብናኝ ይተዋል። እንፋሎቱማ ከነጩ ጋር አንድ ሆኗል፤ ያንን የሚመልስ የለም።

እንግዲህ ከቆረጡ በኋላ የመጀመሪያው ሴቭ በፕሮግራሙ በራሱ ፎርማት ይሁን፦ ፎቶሾፕ ከሆነ በ`.psd`፣ ጊምፕ ከሆነ በ`.xcf`። ሌየሮቹም ባዶነቱም እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ ነገ የእጀታዋ ቀዳዳ በደንብ አልተቆረጠም ቢባል ማስተካከል ይቻላል። በነገራችን ላይ ጊምፕ ውስጥ በጄፔግ የመጣ ፎቶ አራተኛው ቁጥር ስለሌለው ቢያጠፉት እንኳ ባዶ ሳይሆን የባክግራውንዱን ቀለም ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ `Layer > Transparency > Add Alpha Channel` የሚለውን መንካት ያስፈልጋል።

ለሌላ ሰው የሚላከው ቅጂ ፒኤንጂ ይሁን። ፒኤንጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጂፍ ፎርማት የተመሠረተበት የመጭመቂያ ዘዴ በፓተንት ተይዞ ክፍያ ሲጠየቅበት በምትኩ የተሠራ ነው፤ አራቱንም ቁጥር ሲይዝ አንድም ሳይጥል ያስቀምጣል። ክፍያው ከባድ ፋይል ነው፤ ዝርዝር የበዛበት ፎቶ በፒኤንጂ ከጄፔጉ ብዙ እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ጂፍም ባዶነትን ያውቃል፣ ግን ወይ አለ ወይ የለም ብቻ ነው፤ መሐል የለውም። እንፋሎቱ ወይ ነጭ ፕላስተር ይሆናል ወይ ይጠፋል፤ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ምስሉ ለድረ ገጽ ከሆነ ዌብፒን እመርጣለሁ። እንደ ጄፔግ ጨምቆ እንደ ፒኤንጂ አልፋውን ይይዛል፣ የዛሬ ብራውዘሮችም ይከፍቱታል። ማተሚያ ቤት ግን ዌብፒ ሲላክለት ፊቱን ሊያጠቁር ስለሚችል ለእሱ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ይሻላል።

አላላኩም ሥራውን ያበላሻል። ፒኤንጂውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት መንገድ ላይ ወደ ጄፔግ ይቀየራል። `File` ብለው ሲልኩት ግን እንደነበረ ይደርሳል። የደረሰው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ዳማውን ማየት አይበቃም፤ ኢንተርኔት ላይ ዳማው ራሱ እንደ ሥዕል የታተመባቸው አስመሳይ ፒኤንጂዎች ሞልተዋል። ደማቅ ቀይ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፤ ቀዩ በእጀታዋ ቀዳዳ ካለፈና እንፋሎቱን ካቀላው ፋይሉ ደህና ነው።

ጄፔግ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። ሜኑው ቡናማ መሆኑ ካለቀለት፣ ቦታዋም ካልተቀየረ፣ ዲዛይነሩ ራሱ ጀበናዋን ቡናማው ላይ አስቀምጦ ሙሉውን ገጽ በጄፔግ ቢልከው ማንም ልዩነቱን አያይም፤ ጠርዙ የተደባለቀው ከነጭ ሳይሆን ከሚታተምበት ቀለም ጋር ነውና።